አይፒሲ፣ ሪቴንሽን፣ ቅድመ ክፍያ፦ የኮንትራክተርን የሰኔ 30 ገቢ ደረጃ በደረጃ ማስላት

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ስልኬ አያርፍም። የሚደውሉልኝ አዳማና አካባቢዋ ላይ ለኮንትራክተር የሚሠሩ የሂሳብ ሠራተኞች ናቸው። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ "ኮንሰልታንቱ ያጸደቀው ይህን ያህል ነው፣ ባንክ የገባው ያን ያህል ነው፣ ሪቴንሽን ተይዟል፣ ከቅድመ ክፍያውም ተቀንሷል። ታዲያ የዓመቱ ገቢዬ የትኛው ነው?"

አንዳቸውም አይደሉም። ገቢው የሚወጣው ከተሠራው ሥራ ነው። አይፒሲ፣ ማለትም የክፍያ ሰርተፊኬቱ፣ መቼ እንደምትከፈሉ ይነግራችኋል እንጂ ስንት እንደሠራችሁ አይነግራችሁም። ይህን ልዩነት ከያዛችሁ የቀረው ሥራ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። በየዓመቱ በስልክ የማስረዳውን እዚህ በአንድ ምሳሌ ሙሉውን ጽፌዋለሁ። መመሪያው ሙሉውን አይኤፍአርኤስ ለሚከተል ድርጅት ነው፤ የምንመራበትም አይኤፍአርኤስ 15 ነው።

ምሳሌው

አንድ ኮንትራክተር አዳማ ውስጥ፣ ወደ አሰላ በሚያስወጣው መንገድ በኩል፣ ለአንድ ባለሀብት ሆቴል ይሠራል እንበል። ቁጥሮቹን ያሰብኳቸው ለማስላት እንዲመቹ ብዬ ነው። ሁሉም ያለ ቫት ናቸው።

- የውሉ ዋጋ 60,000,000 ብር
- አጠቃላይ ግምታዊ ወጪ 50,000,000 ብር (ከዚህ ውስጥ 5,000,000ው ተገዝቶ የሚመጣ ጄኔሬተር ነው)
- ቅድመ ክፍያ 20 በመቶ፣ ማለትም 12,000,000 ብር። ከእያንዳንዱ አይፒሲ 20 በመቶ እየተቀነሰ ይመለሳል
- ሪቴንሽን ከእያንዳንዱ አይፒሲ 5 በመቶ። ግማሹ በጊዜያዊ ርክክብ፣ ግማሹ ከ365 ቀን በኋላ በመጨረሻው ርክክብ ይለቀቃል
- ሂሳቡ የሚዘጋው ሰኔ 30

ከመጀመራችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ ሊኖሩ የሚገባቸው

- ውሉ ከነቢኦኪው፣ ከነልዩ ሁኔታዎቹና ከነማሻሻያዎቹ
- በኦፊስ ኢንጂነሩ የተፈረመ፣ ቀን ያለው፣ ሥራውን ለመጨረስ የሚቀረው ወጪ ግምት
- እስከ ሰኔ 30 የወጡት አይፒሲዎች በሙሉ ከነቴክኦፍ ሺታቸው
- የፕሮጀክቱ የወጪ ሌጀር
- ሰኔ 30 ዕለት የተደረገ የሳይት ስቶር ቆጠራ
- ሰብ ኮንትራክተሮች ሠርተው ገና ያላስከፈሉት ሥራ ልኬት
- ለትልልቅ መሣሪያዎች አሠሪው የፈረመበት የርክክብ ሰነድ

የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ብዙ ሰው ይዘላቸዋል። ስህተቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በእነሱ በኩል ነው።

ደረጃ 1፦ ገቢው በጊዜ ሂደት የሚመዘገብ መሆኑን አረጋግጡ

የምትጠይቁት ጥያቄ፣ ሕንፃው እየተሠራ እያለ በማን ቁጥጥር ሥር ነው የሚል ነው። በእኛ ምሳሌ ቦታው የባለሀብቱ ነው። ኮንትራክተሩ ነገ ጥሎ ቢሄድ ያቆመው ኮለን እዚያው የባለቤቱ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሥራው እየተሠራ በሄደ ቁጥር ወደ አሠሪው እየተላለፈ ነው፤ ገቢውም አብሮ ይመዘገባል።

ይህን ደረጃ የማልዘለው በራሱ ቦታ ላይ አፓርታማ ሠርቶ የሚሸጥ ድርጅት በዚሁ መንገድ ገቢ ሲመዘግብ ስላየሁ ነው። እዚያ መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቤቱን ለሌላ ገዢ ማዞር ይቻላል ወይ፣ ለተሠራው ሥራስ ገዢውን በሕግ ማስከፈል ይቻላል ወይ ተብሎ ውሉ መነበብ አለበት።

ደረጃ 2፦ የውሉን ዋጋ ቁረጡ

ከ60,000,000ው ተነሱ። የጸደቀ ቫሪየሽን ካለ ጨምሩ። ሥራው ታዝዞ ዋጋው ያልተስማማበት ከሆነ፣ በኋላ ተመልሶ እንደማይሰረዝ በጣም እርግጠኛ የሆናችሁበትን ያህል ብቻ ውሰዱ። የዋጋ ማስተካከያ ጥያቄም በዚሁ ሚዛን ይታያል። የመዘግየት ቅጣት እንደሚመጣ ግልጽ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ከዋጋው ቀንሱት።

ሪቴንሽኑን ግን ከዋጋው አትቀንሱ። የዋጋው አካል ነው፤ የዘገየው መከፈያው ብቻ ነው። "ገንዘቡ አንድ ዓመት ተኩል አሠሪው ጋ ስለሚቀመጥ ወለድ ይታሰብበት?" የሚሉኝም አሉ። አይታሰብም። ሪቴንሽን የሚያዘው ሥራው በትክክል መሠራቱን ለማስጠበቅ ነው፤ ኮንትራክተሩ ለአሠሪው ያበደረው ገንዘብ አይደለም።

ደረጃ 3፦ አጠቃላይ ወጪውን እንደገና አስገምቱ

የጨረታውን ግምት አትጠቀሙ። ኦፊስ ኢንጂነሩን "ከዛሬ ጀምሮ ለመጨረስ ስንት ይቀራል?" ብላችሁ ጠይቁት። የቀረውን መጠን በዛሬ ዋጋ ያባዛላችሁ። እስካሁን የወጣው ከሚቀረው ጋር ሲደመር አዲሱ አጠቃላይ ግምት ይሆናል።

ሥራው ስንት ፐርሰንት እንደደረሰ የምናወጣው እስካሁን የወጣውን ወጪ ለአጠቃላይ ግምቱ በማካፈል ነው። ግምቱን ማደስ የሚያስፈልገውም የፐርሰንቱ ታችኛው ቁጥር ስለሆነ ነው። ታችኛው ቁጥር አርጅቶ ካነሰ ፐርሰንቱ ያብጣል፣ ያልተሠራ ትርፍም ይመዘገባል። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት በተሠራ ግምት የሚሠሩ ፕሮጀክቶች የፊኒሺንግ፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ወጪያቸው ከወረቀቱ ጋር ተለያይቶ ነበር። ስትራክቸሩ ላይ ብዙም ያልታየው ልዩነት ቆይቶ ከውጭ በሚገባው ዕቃ ላይ ቁጭ አለ።

በእኛ ምሳሌ ኢንጂነሩ ከልሶት አጠቃላዩ 50,000,000 ሆኖ ጸንቷል።

ደረጃ 4፦ የሌጀሩን ወጪ አጽዱ

ጊዜ የሚወስደው ይህ ደረጃ ነው። የፕሮጀክቱ ሌጀር ሰኔ 30 ላይ 23,000,000 ብር ያሳያል። ነገር ግን ሌጀር ላይ ያለ ብር ሁሉ ሥራ አይደለም፤ የተሠራ ሥራም ሁሉ ሌጀር ላይ አይገኝም። አራት ማስተካከያዎች አሉ።

*ሀ. ስቶር ውስጥ ያለ ዕቃ።* ግቢው ውስጥ የተከመረ ፌሮና መጋዘን ያለ ሲሚንቶ ገና ሕንፃው ላይ አልወጣም። ነገ በመኪና ተጭኖ ሌላ ሳይት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከወጪ ወጥቶ ወደ ዕቃ ክምችት ይመለሳል። በእኛ ምሳሌ 1,000,000 ብር ነው። ታስሮ ፎርምወርክ ውስጥ የገባ ፌሮ ግን ሥራ ሆኗል፤ አትመልሱት።

ቆጠራውን ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩት። አንድ ጊዜ የሄድኩበት ሳይት ላይ የቢን ካርዱ 62 ኩንታል ሲሚንቶ ይላል። ከስቶር ኪፐሩ ጋር ሆነን ስንቆጥር 41 ሆነ። የሰኔ ዝናብ ሳይመጣ ተብሎ ቅዳሜ ማታ ሶሌታ ተሞልቶ ኖሯል፤ የማውጫ ወረቀቱ ግን አልተቆረጠም። 21 ኩንታሉ ሕንፃው ላይ ነበር። ካርዱን አምነን ብንዘጋ ኖሮ የተሠራ ሥራ ከስሌቱ ይወጣ ነበር።

*ለ. የተበላሸና የተደገመ ሥራ።* ከቱንቢ የወጡ ኮለኖች ፈርሰው እንደገና ተሞልተዋል፤ ይህ 500,000 ብር ፈጅቷል። ወጪው እውነተኛ ነው፣ የዓመቱ ወጪም ሆኖ ይመዘገባል። አሠሪው ግን ለፈረሰው ኮለን ምንም አላገኘም። ስለዚህ ከፐርሰንቱ ስሌት ይወጣል። በ50,000,000ው ግምት ውስጥም አልተካተተም።

*ሐ. መጥቶ ያልተተከለ ትልቅ መሣሪያ።* ጄኔሬተሩ ሰኔ 22 ሳይት ደርሷል። አሠሪው ፈርሞ ተረክቦታል፤ ውሉም የተረከበው ዕቃ የእሱ እንደሆነ ይላል። ተከላው ግን ከወራት በኋላ ነው፣ ክፍያውም ሲተከል ነው። ኮንትራክተሩ ጄኔሬተሩን ከአስመጪ ገዛው እንጂ አልሠራውም፣ ዲዛይኑ ውስጥም እጁ የለበትም።

እንዲህ ያለ ዕቃ ከጠቅላላ ወጪው አንጻር ትልቅ ሲሆን ሥራው የገፋ ያስመስላል። ጠዋት አንድ መኪና ግቢ ገብቶ ሲያራግፍ ሆቴሉ በዚያች ሰዓት 10 በመቶ አልተሠራም። ስለዚህ 5,000,000ው ከፐርሰንቱ ከላይም ከታችም ይወጣል። ገቢው በግዢ ዋጋው ልክ ብቻ፣ ያለ ትርፍ ይመዘገባል። ቢኦኪው ላይ ዋጋው ከፍ ቢልም እንኳ እንዲሁ ነው።

አሠሪው ባይረከበው ኖሮ ጄኔሬተሩ የኮንትራክተሩ ክምችት ሆኖ ይቆይ ነበር፤ ገቢም ወጪም አይሆንም። ለዚህ ነው የርክክብ ሰነዱን የጠየቅኳችሁ።

*መ. ተሠርቶ ያልተመዘገበ ሥራ።* የብሎኬትና የልስን ሰብ ኮንትራክተሩ 1,500,000 ብር የሚያወጣ ሥራ ጨርሷል፣ ደረሰኝ ግን አላመጣም። ሥራው ግድግዳው ላይ አለ። ኢንጂነሩ የለካውን ይዛችሁ ወጪውን መዝግቡ፣ በሌላ በኩል የሚከፈል ዕዳ አድርጉት።

እንግዲህ ደምሩት። 23,000,000 ሲቀነስ 1,000,000፣ ሲቀነስ 500,000፣ ሲቀነስ 5,000,000፣ ሲደመር 1,500,000። ለፐርሰንቱ የሚሆነው ወጪ 18,000,000 ብር ነው።

ደረጃ 5፦ ፐርሰንቱንና ገቢውን አስሉ

ታችኛው ቁጥር 50,000,000 ሲቀነስ ጄኔሬተሩ፣ ማለትም 45,000,000 ነው። 18,000,000 ለ45,000,000 ሲካፈል 40 በመቶ ይመጣል።

ገቢው ሁለት ክፍል አለው። ከጄኔሬተሩ ውጭ ያለው 55,000,000 በ40 በመቶ ሲባዛ 22,000,000 ይሆናል። ጄኔሬተሩ 5,000,000 ያለ ትርፍ ይጨመራል። ጠቅላላ ገቢ 27,000,000 ብር።

ኤክሴል ላይ ከ`B1` እስከ `B7` በቅደም ተከተል የውል ዋጋ፣ አጠቃላይ ግምት፣ የሌጀር ወጪ፣ ጄኔሬተር፣ ስቶር፣ የተደገመ ሥራና ያልተመዘገበ ሥራ አስገቡ። ከዚያ `B8` ላይ ፐርሰንቱን፣ `B9` ላይ ገቢውን፦

```
B8: =(B3-B4-B5-B6+B7)/(B2-B4)
B9: =(B1-B4)*B8+B4
```

የዓመቱ ወጪ 18,000,000፣ 5,000,000 እና 500,000 ተደምሮ 23,500,000 ነው። ትርፉ 3,500,000 ብር ይሆናል።

ሌጀሩን ሳያጸዳ 23,000,000ን ለ50,000,000 ያካፈለ ሰው 46 በመቶ ያገኛል። ገቢው 27,600,000፣ ትርፉ 4,600,000 ይሆንበታል። ገቢው ላይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ትርፉ ላይ ግን 1,100,000 ብር ነው። ስህተቱ ገቢውን ብቻ በሚያይ ሰው ዓይን የማይገባውም ለዚህ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ስሌቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይደገማል፤ ከዚያ ባለፈው የተመዘገበው ይቀነሳል። የዛሬ ዓመት ድምሩ 52,000,000 ቢመጣ የዚያ ዓመት ገቢ 25,000,000 ነው። ግምቱ ቢቀየርም ያለፈውን ዓመት ሂሳብ ከፍታችሁ አታርሙ። የግምት ለውጥ በተለወጠበት ዓመት ይገባል።

ደረጃ 6፦ አይፒሲውን መዝግቡ

እስከ ሰኔ 30 ሦስት አይፒሲዎች ጸድቀዋል፦ 6,000,000፣ 9,000,000 እና 6,000,000። ድምር 21,000,000 ብር። ከዚህ 5 በመቶ ሪቴንሽን 1,050,000 ተይዟል፤ ለቅድመ ክፍያ መመለሻ 20 በመቶ 4,200,000 ተቀንሷል። የሚከፈለው 15,750,000 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተከፍለዋል፤ ሦስተኛው 4,500,000 ብር ገና ነው።

ለእያንዳንዱ ውል አንድ የውል ሂሳብ ክፈቱ፤ በሥሩም ሦስት ንዑስ ሂሳቦች፦ ያልተሰነደ ሥራ፣ ማለትም ተሠርቶ ገና አይፒሲ ያልወጣለት፣ ሪቴንሽን እና ቅድመ ክፍያ። ምዝገባው እንዲህ ይሄዳል።

1. ቅድመ ክፍያ ሲገባ፦ ዴቢት ባንክ 12,000,000፤ ክሬዲት ቅድመ ክፍያ 12,000,000።
2. ገቢው ሲመዘገብ፦ ዴቢት ያልተሰነደ ሥራ 27,000,000፤ ክሬዲት ገቢ 27,000,000።
3. አይፒሲ ሲጸድቅ፣ ሦስቱ በአንድ ላይ፦ ዴቢት ተሰብሳቢ 15,750,000፣ ዴቢት ሪቴንሽን 1,050,000፣ ዴቢት ቅድመ ክፍያ 4,200,000፤ ክሬዲት ያልተሰነደ ሥራ 21,000,000።
4. ክፍያ ሲመጣ፦ ዴቢት ባንክ፤ ክሬዲት ተሰብሳቢ 11,250,000። አሠሪው ዊዝሆልዲንግ ከቆረጠ የቆረጠው ለብቻው ዴቢት ይደረጋል፤ በቅድሚያ የተከፈለ ግብር ነው፣ ከገቢ አይቀነስም።

ሦስተኛውን ምዝገባ ተመልከቱት። አይፒሲ ገቢን አይነካም። ከውል ሂሳቡ ወደ ተሰብሳቢ ያዛውራል እንጂ አዲስ ገቢ አይፈጥርም። ቫቱ ከላዩ ተጨምሮ በራሱ ሂሳብ ይሄዳል።

ደረጃ 7፦ የውሉን ሚዛን ወደ አንድ መስመር አምጡ

ሰኔ 30 ላይ ንዑስ ሂሳቦቹ ይህን ያሳያሉ፦ ያልተሰነደ ሥራ 6,000,000 ዴቢት፣ ሪቴንሽን 1,050,000 ዴቢት፣ ቅድመ ክፍያ 7,800,000 ክሬዲት። ሲጣጣሙ 750,000 ብር ክሬዲት ይቀራል።

የሂሳብ መግለጫው ላይ የሚወጣው ይህ አንድ ቁጥር ነው፤ የውል ዕዳ 750,000። ሚዛኑ ዴቢት ቢሆን ኖሮ የውል ሀብት ይባል ነበር። አንድ ውል በአንድ ጊዜ ሀብትም ዕዳም ሆኖ አይቀርብም። የሁለት የተለያዩ ውሎች ሚዛን ግን አይቻቻልም።

ያልተከፈለው 4,500,000 ከዚህ ጋር አይደባለቅም። እሱ ተሰብሳቢ ነው፤ ጸድቋል፣ ከጊዜ በቀር የሚጠብቀው ነገር የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገጣል። "21 ሚሊዮን ተጸድቆልኝ፣ 27 ሚሊዮን ሠርቼ፣ እንዴት ባለዕዳ እሆናለሁ?" ይላል። ቅድመ ክፍያውን ረስቶ ነው። ከአሠሪው የመጣውና ለመምጣት መብቱ የተረጋገጠው ገንዘብ 12,000,000 ሲደመር 15,750,000፣ ማለትም 27,750,000 ነው። የተሠራው 27,000,000 ነው። የ750,000 ብር ሥራ ገና ይቀርባችኋል።

ከማለፋችሁ በፊት 6,000,000ውን ያልተሰነደ ሥራ አስረዱ። 5,000,000ው ጄኔሬተሩ ነው። ቀሪው 1,000,000 ሦስተኛው አይፒሲ ከተለካበት ቀን እስከ ሰኔ 30 የተሠራው ነው። ኢንጂነሩን የትኛው ወለል ላይ እንዳለ ጠይቁት፤ ጣቱን ዘርግቶ ሊያሳያችሁ ይገባል። ማሳየት ካልቻለ ወይ ወጪው የሌላ ሳይት ነው፣ ወይ ግምቱ አንሷል፣ ወይ ኮንሰልታንቱ ያልተቀበለው ሥራ አለ።

ደረጃ 8፦ ሪቴንሽኑን እስከ መጨረሻው ተከታተሉ

ሪቴንሽንን ተሰብሳቢ ውስጥ መክተት ደጋግሜ የማየው ስህተት ነው። ተሰብሳቢ የሚባለው ጊዜው ሲደርስ ያለ ሌላ ቅድመ ሁኔታ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ሪቴንሽን ግን ርክክቡን ይጠብቃል፤ ጉድለት ካልታረመ አሠሪው ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ሁኔታው እስኪሟላ የውል ሀብት አካል ነው።

ሥራው ሲያልቅ ጠቅላላ ሪቴንሽኑ 3,000,000 ብር ይሆናል። ጊዜያዊ ርክክቡ ተፈርሞ በእኛ ውል መሠረት ግማሹ ሲፈቀድ፦ ዴቢት ተሰብሳቢ 1,500,000፤ ክሬዲት ሪቴንሽን 1,500,000። ሌላው 1,500,000 ከመጨረሻው ርክክብ በፊት አይንቀሳቀስም። 365 ቀኑ ማለቁ ብቻውን አይበቃም፤ የጉድለት ዝርዝሩ ተዘግቶ ሰነዱ መፈረም አለበት። በሁለቱም ጊዜ ገቢ አይመዘገብም፤ ገቢው ሥራው ሲሠራ ተመዝግቧል።

በጉድለት ማረሚያው ዓመት ታወጣላችሁ ብላችሁ የምትገምቱትን የጥገና ወጪ በአይኤኤስ 37 መሠረት የመጠባበቂያ ዕዳ አድርጋችሁ ያዙ። ከሪቴንሽኑ ላይ አትቀንሱት፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አሠሪው የመክፈል አቅሙ ሲዳከም ካያችሁ ደግሞ የማይሰበሰብ ሂሳብ ግምቱ ለተሰብሳቢ ብቻ ሳይሆን ለውል ሀብትም ይሠራል።

ተጠንቀቁ፦ ውሉ ወደ ኪሳራ ሲዞር

ግምቱን ማደስ የሚያስፈራቸው ሰዎች አሉ፤ ውጤቱ መጥፎ ሊሆን ስለሚችል። መጥፎ ከሆነ ግን ሰኔ 30 ላይ መታወቅ አለበት።

በእኛው ምሳሌ ኢንጂነሩ ሲከልሰው ከጄኔሬተሩ ውጭ ያለው ግምት ከ45,000,000 ወደ 60,000,000 ወጣ እንበል። አጠቃላዩ 65,000,000 ሆነ፤ ዋጋው ግን 60,000,000 ነው፣ የዋጋ ማስተካከያም የለውም። ውሉ 5,000,000 ይከስራል።

ፐርሰንቱ 18,000,000 ለ60,000,000፣ ማለትም 30 በመቶ ይሆናል። ገቢው 55,000,000 በ30 በመቶ 16,500,000፣ ከጄኔሬተሩ ጋር 21,500,000። የሥራው ወጪ 23,000,000 ስለሆነ እስካሁን የታየው ኪሳራ 1,500,000 ነው። ብዙዎች እዚህ ያቆማሉ። ገና ያልታየው 3,500,000ም በዚሁ ዓመት መመዝገብ አለበት፦ ዴቢት የውል ኪሳራ ወጪ፤ ክሬዲት የመጠባበቂያ ዕዳ። ውሉን ትቶ መውጣት ከመጨረስ በላይ ያስከፍላል ብለን ነው፤ ትቶ መውጣቱ ርካሽ ከሆነ በዚያው ልክ ይያዛል። የተደገመው ሥራ 500,000 ከዚህ ውጭ ለብቻው ወጪ ነው።

ምልክቱ ቀድሞ ይታያል። ፐርሰንታችሁ ከኮንሰልታንቱ ልኬት በየሩብ ዓመቱ እየራቀ ከሄደ፣ ያልተሰነደ ሥራ ሂሳቡም አይፒሲ በወጣ ቁጥር ከመቀነስ ይልቅ እያበጠ ከመጣ፣ ታችኛው ቁጥር አርጅቷል ማለት ነው። የዚያን ጊዜ ሌጀሩን ትታችሁ ወደ ኦፊስ ኢንጂነሩ ሂዱ።

ሌሎች የሚደጋገሙ ስህተቶች

- *ገቢን ከአይፒሲ ላይ መውሰድ።* በእኛ ምሳሌ 21,000,000 ገቢ ተብሎ 23,500,000 ወጪ ይገባ ነበር። አትራፊ ፕሮጀክት በወረቀት ይከስራል። ኮንሰልታንቱ ስለዘገየ ብቻ።
- *ወጪውን ከአይፒሲው ጋር ለማስማማት "በሂደት ላይ ያለ ሥራ" ብሎ ማቆየት።* የተሠራው ሥራ ወደ አሠሪው ተላልፏል፤ ወጪው የወጣበት ዓመት ወጪ ነው።
- *ቅድመ ክፍያን ገቢ ማድረግ።* ገንዘቡ ሲገባ አንድ ብሎኬት እንኳ አልተደረደረም።
- *ሪቴንሽንን በባንክ ዋስትና ሲያስለቅቁ ገቢ ማለት።* ጥሬ ገንዘቡ ሲመጣ ሪቴንሽን ንዑስ ሂሳቡ ይቀንሳል፣ ባንክ ይጨምራል። ያ ብቻ ነው።
- *ቫትን ከነሙሉው ፐርሰንት ስሌት ውስጥ ማስገባት።* የውል ዋጋው ቫት ይዞ ወጪው ያለ ቫት ከተወሰደ፣ ገቢው በ15 በመቶ ያብጣል።
- *ለግብር ያንኑ ወረቀት ማቅረብ።* የገቢ ግብር አዋጁ ስለ ረጅም ጊዜ ውል የራሱ ድንጋጌ አለው። የግብሩን ስሌት ለብቻው ሠርታችሁ ልዩነቱን በሰነድ አስቀምጡ፤ ኦዲተሩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።